«ተጭኜዋለሁ እኮ!» የጌም ዝላይ ታሪክ እና ሁለት ትናንሽ ቆጣሪዎች

ፕላትፎርመር ጌም የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህችን አቤቱታ ያውቃታል። ገጸ ባሕርያችሁ እየሮጠ ገደሉ ጠርዝ ላይ ይደርሳል፣ የዝላይ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ እሱ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀጥ ብሎ ገደል ይገባል። እናንተ «ተጭኜዋለሁ እኮ!» ትላላችሁ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ጓደኛችሁ ደግሞ «ዘግይተህ ነው» ብሎ ይስቃል፤ ተራው እስኪደርሰው ቸኩሏላ።

የሚገርመው ነገር ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። ቁልፉ ተጭኗል፤ ማሽኑም መጫኑን አውቋል። ካወቀ በኋላ ግን ጥሎታል። የጣለበትም ምክንያት ከሁለት መቶኛ ሰከንድ የማትበልጥ መዘግየት ልትሆን ትችላለች። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች የተጣለች ትእዛዝ ነው፦ ለምን እንደምትጣል፣ ጌም ሠሪዎች እንዴት እንደሚያድኗት፣ እና መፍትሔው ራሱ ምን አዲስ ጣጣ ይዞ እንደሚመጣ።

ታሪኩን ከመሰላል እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1980 «ስፔስ ፓኒክ» የሚባል የጃፓን ጌም ወጣ። ፎቆችና መሰላሎች አሉት፣ ጭራቆች አሉት፣ ዝላይ ግን የለውም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1981፣ የኔንቴንዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ «ዶንኪ ኮንግ»ን ይዞ መጣ። ከላይ ጎሪላው በርሜል ያንከባልላል፤ ከታች አንድ ባለ ጢም ሰውዬ በርሜሉን እየዘለለ ይወጣል። ይህ ሰውዬ ኋላ ላይ ማሪዮ የተባለው ነው። ያኔ ግን በእንግሊዝኛ «ጃምፕማን» ይሉት ነበር፤ በቀጥታ ሲተረጎም «ዝላዩ ሰውዬ» እንደማለት ነው። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው።

እንግዲህ ዝላይ ሲመጣ፣ ፕሮግራመሩ ለማሽኑ አንድ ጥያቄ መጻፍ ግድ ሆነበት፦ መዝለል የሚፈቀደው መቼ ነው? ይህን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌም የሚሠራ ተማሪ ሁሉ የሚጽፈው መልስ የሚከተለው ነው፦

```
if pressed and on_ground then
  speed_y = -2
end
```

ቁልፉ ከተጫነ፣ እግሩም መሬት ላይ ከሆነ፣ ወደ ላይ ተነሣ። (ፍጥነቱ የተቀነሰ ቁጥር የሆነው በብዙ ጌሞች ውስጥ ወደ ላይ ማለት ወደ ኔጋቲቭ ስለሆነ ነው።) ምንም ስሕተት የለበትም አይደል? አመክንዮው ፍጹም ትክክል ነው። ችግሩ ያለው «እና» በምትለው ቃል ውስጥ ነው።

ይህን ለማየት ማሽኑ ጊዜን እንዴት እንደሚቆጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ጌም እንደ ፊልም ተከታታይ ሥዕል ነው፤ አንዱን ሥዕል ፍሬም እንለዋለን። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚስል ጌም ለእያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አለው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ቁልፎቹን ያነብባል፣ ሁሉንም ነገር ያንቀሳቅሳል፣ ማን ከማን ጋር እንደተነካካ ይፈትሻል፣ ይስላል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

አሁን «ተጭኗል» የሚለውን ተመልከቱት። ማሽኑ ቁልፉ ተይዞ መቆየቱን ብቻ ቢያይ ኖሮ፣ ጣታችሁን ባላነሣችሁ ቁጥር ገጸ ባሕርያችሁ እንደ ኳስ ይነጥር ነበር። ስለዚህ የሚጠየቀው «አሁን ተጭኗል፣ ባለፈው ፍሬም ግን አልተጫነም ነበር?» ተብሎ ነው። የዚህ መልስ «አዎ» የሚሆነው ለአንድ ፍሬም ብቻ ነው። በሚቀጥለው ፍሬም ቁልፉን ይዛችሁ ብትቆዩም «አዎ»ው አልፏል። ሌላው ጥያቄ፣ «መሬት ላይ ነው?»፣ ገጸ ባሕርያችሁ ጠርዙን እስኪያልፍ «አዎ» ነው፤ ካለፈ በኋላ «አይ» ነው። ሁለቱ «አዎ»ዎች በአንድ ፍሬም ውስጥ ካልተገናኙ ዝላይ የለም። አንድ ሰው በሩን ለ16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ከፍቶ ይዘጋዋል፣ ሌላው በዚያች ቅጽበት መግባት አለበት እንደማለት ነው።

በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በትክክል እንዲህ ነው የተጻፈው። ጌሙ ባለፈው ፍሬም የትኞቹ ቁልፎች ተይዘው እንደነበር በማስታወሻው ያስቀምጣል፣ ከአሁኑ ጋር ያነጻጽራል፣ ማሪዮም መሬት ላይ መሆኑን ያያል (ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ሌላ ሕግ አለው)። ከማረፋችሁ አንድ ፍሬም ቀድማችሁ ከተጫናችሁ ትእዛዛችሁ ጠፋ። ጠርዙን ካለፋችሁ አንድ ፍሬም ዘግይታችሁ ከተጫናችሁም ጠፋ።

ታዲያ ማሪዮን ለምን ሁሉም ወደደው? አንዱ ምክንያት ጌሙ በሌላ በኩል ቸር መሆኑ ነው፤ በአየር ላይ እያለ ግራ ቀኝ መምራት ትችላላችሁ፣ ቁልፉን ረዘም አድርጋችሁ ከያዛችሁ ከፍ ብሎ ይዘላል። በዶንኪ ኮንግ አንዴ ከተነሣችሁ በአየር ላይ መንገድ መቀየር አልነበረም። ሁለተኛውና ለዛሬው ጉዳያችን የሚበልጠው ምክንያት ግን የዘመኑ ዕቃ ፈጣን መሆኑ ነው። ጆይስቲኩ በገመድ በቀጥታ ከማሽኑ ጋር ተያይዟል፣ በመካከል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም፣ ወፍራሙ ቴሌቪዥን ደግሞ የመጣለትን ምልክት ሳያቆይ መስታወቱ ላይ ይተኩሰዋል። በእጃችሁና በዓይናችሁ መካከል ያለው ጊዜ በጣም ትንሽ ነበር።

ዛሬ መንገዱ ረዝሟል። ቁልፉ በዩኤስቢ ወይም በብሉቱዝ ያልፋል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይቀበለዋል፣ ለጌሙ ያደርሰዋል፣ ጌሙ የሳለው ሥዕል በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ወረፋ ይጠብቃል፣ ስስ ቴሌቪዥኑ ደግሞ «ላሳምረው» ብሎ ሌላ ጊዜ ይወስዳል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ያስታውቃል።

በቁጥር እንየው። ገጸ ባሕርያችሁ በሰከንድ 90 ፒክስል ይሮጣል እንበል፤ የጠቅላላው መንገድ መዘግየት ደግሞ 60 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። 90 በ0.06 ሲባዛ 5.4 ነው። ይህ ማለት እናንተ ዓይናችሁ ሥር የምታዩት ገጸ ባሕርይ ማሽኑ ውስጥ ካለው ከ5 ፒክስል በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። በሥዕሉ ላይ «አሁን ጠርዙ ላይ ነው» ብላችሁ በትክክለኛው ሰዓት ስትጫኑ፣ በማሽኑ ሒሳብ እሱ ጠርዙን ካለፈ ቆይቷል። ዘገየህ ያላችሁ ጓደኛ የማሽኑን ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ እናንተ የዓይናችሁን። በዚህ ላይ የእጅን ጉድለት ጨምሩበት፦ በደንብ የተለማመደ ሰው እንኳ ደጋግሞ ሲጫን በጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። ኮዱ ግን የሚጠይቀው ከአንድ ፍሬም ያልበለጠ ትክክለኛነት ነው።

ስለዚህ ዝላይ «አልታዘዝ አለ» ሲባል ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ፤ መለየቱ ይጠቅማል። የመጀመሪያው፣ ሁሉም ዝላይ እኩል የሚዘገይበት ነው። ይህ የዕቃ መዘግየት ነው፤ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ብትዘሉም ይሰማችኋል። ሁለተኛው፣ ሜዳ ላይ ሁሉም ሰላም ሆኖ ጠርዝ ላይና ማረፊያ ላይ ብቻ አንዳንዱ ዝላይ የሚጠፋበት ነው። ይህኛው ያ «እና» ያመጣው ነው፤ መድኃኒቱም ሁለት ቆጣሪ ነው።

የመጀመሪያው ቆጣሪ ስሙን ያገኘው ከካርቱን ነው። በ1949 ቸክ ጆንስ ለዋርነር ብራዘርስ የፈጠራቸውን ሮድ ረነርንና አሳዳጁን ኮዮቴ ምናልባት አይታችኋቸዋል። ኮዮቴ የቀበሮ ዘመድ የሆነ የሰሜን አሜሪካ አውሬ ነው። ምስኪኑ ወፏን ሲያባርር ከገደል ወጥቶ በአየር ላይ ይሮጣል፤ ወደ ታች እስኪያይ ድረስ አይወድቅም። በጌምም ገጸ ባሕርይው ጠርዙን ካለፈ በኋላ ለጥቂት ፍሬም «አሁንም መሬት ላይ ነህ» ብለን ዝላይ ብንፈቅድለት፣ ያ «ኮዮቴ ታይም» ይባላል። በኮድ ውስጥ ብዙዎች «ግሬስ» እያሉ ይጽፉታል። ባንክ ብድር ሲሰጥ የእፎይታ ጊዜ እንደሚለው ማለት ነው፤ ቀኑ አልፏል፣ ቅጣቱ ግን ገና አልጀመረም።

ሁለተኛው ቆጣሪ «ኢንፑት ባፈሪንግ» ነው፤ እዚህ «ማቆያ» ልበለው። ከማረፋችሁ ትንሽ ቀድማችሁ የተጫናችሁትን ማሽኑ ከመጣል ይልቅ ለጥቂት ፍሬም ያቆየዋል፣ እግራችሁ መሬት እንደነካ ያውለዋል። ገመድ ዝላይ የተጫወታችሁ ይህ ይገባችኋል፤ ገመዱ እግራችሁ ሥር ሲደርስ ልዝለል የሚል ሰው ይጠለፋል። ሰውነታችሁ ትእዛዙን የሚሰጠው ቀድሞ ነው። የተጫኑትን ለጥቂት ጊዜ ማስታወስ በራሱ አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ በ1991 የወጣው «ስትሪት ፋይተር 2» እሳት ለመወርወር ተከታታይ እንቅስቃሴዎችን በበርካታ ፍሬሞች ውስጥ እያስታወሰ ይጠብቅ ነበር። ለዝላይ መዋሉ ነው እዚህ የሚያስፈልገን።

ለሁለቱም ጥሩ ማሳያ የሚሆነን «ሴሌስት» የተባለው ጌም ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሮቹ በአደባባይ አሉ። በ2015 ማዲ ቶርሰንና ኖል ቤሪ በአራት ቀን ውስጥ አንዲት ተራራ የምትወጣ ልጅ ያለችበትን ትንሽ ጌም ሠሩ። የሠሩበት ፒኮ-8 ሆን ተብሎ አቅሙ የተገደበ የምናብ ጌም ማሽን ነው፦ ስክሪኑ 128 በ128 ፒክስል ብቻ፣ መደበኛ ፍጥነቱም በሰከንድ 30 ፍሬም። የፒኮ-8 ጌም ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ገብቶ ማየት ይቻላል። የዝላዩ ሐሳብ በእኔ አጻጻፍ ሲያጥር ይህን ይመስላል፦

```
if on_ground then grace = 6
elseif grace > 0 then grace -= 1 end

if pressed then buffer = 4
elseif buffer > 0 then buffer -= 1 end

if buffer > 0 and grace > 0 then
  speed_y = -2
  buffer = 0
  grace = 0
end
```

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መሬት ላይ እስካላችሁ ድረስ የእፎይታ ቆጣሪው 6 ነው፤ መሬቱን ስትለቁ በየፍሬሙ አንድ ይቀንሳል። ቁልፉ ሲጫን ማቆያው 4 ይሆናል፤ እሱም በየፍሬሙ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ያ «እና» አሁንም አለ፤ ልዩነቱ አሁን የሚገናኙት ሁለት ቅጽበቶች መሆናቸው ቀርቶ ሁለት የጊዜ መስኮቶች ሆነዋል። በሩ ለጥቂት ፍሬም ክፍት ይቆያል፣ እንግዳውም ደጅ ላይ ለጥቂት ፍሬም ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣታችሁ ቁጠሩልኝ። 6 ብለን የሞላነው ቆጣሪ በአየር ላይ ባለው የመጀመሪያ ፍሬም 5 ሆኖ ነው የሚፈተሸው፣ ከዚያ 4፣ 3፣ 2፣ 1፤ በስድስተኛው ፍሬም ዜሮ ነው። ስለዚህ በተግባር ያገኛችሁት 5 የአየር ፍሬም ነው። ማቆያውም 4 ቢባልም ከተጫናችሁበት ፍሬም በኋላ የሚጠብቀው 3 ፍሬም ብቻ ነው። ቅነሳውን ከፍተሻው በኋላ ብትጽፉት ቁጥሩ ይቀየራል። «የእኔ ጌም ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ለምን ይለያል?» የሚያሰኘው አንዳንዴ ይኸው የመስመር ቅደም ተከተል ነው።

በ2018 መጀመሪያ ሙሉው ሴሌስት ወጣ፤ ከዚያም የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የማድሊንን እንቅስቃሴ የሚመራው ኮድ ይፋ ተደረገ። እዚያ የእፎይታው ጊዜ 0.1 ሰከንድ ነው፣ የዝላይ ማቆያው 0.08 ሰከንድ። ከፒኮ-8ቱ ጋር ስታነጻጽሩት መስኮቶቹ ጠበብ ብለዋል፦ 5 ፍሬም በ30 ሲካፈል 0.17 ሰከንድ ገደማ፣ 3 ፍሬም ደግሞ 0.1 ሰከንድ ነበር። የዚህን ጥቅም ደግሞ ልብ በሉ፤ አዲሱ ጌም የሚቆጥረው በሰከንድ ነው። በ30 ፍሬም ጌም ውስጥ «6» የሚለው ቁጥር 0.2 ሰከንድ ነው፣ በ60 ፍሬም ጌም ውስጥ 0.1 ሰከንድ። ቁጥር ከኢንተርኔት ስትገለብጡ ፍሬም ይሁን ሰከንድ ካላያችሁ ግማሹን ወይም እጥፉን ትወስዳላችሁ።

አሁን እነዚህ ቁጥሮች መሬት ላይ ምን እንደሚሠሩ እናስላ። የማድሊን የሩጫ ፍጥነት በሰከንድ 90 ፒክስል ነው፤ ከላይ ለምሳሌ የወሰድኩት ከዚህ ነው። በ0.1 ሰከንድ 9 ፒክስል ትሄዳለች። ዓለሟ የተሠራባት አንዷ ንጣፍ 8 ፒክስል ናት። ማለትም ጠርዙን አልፋ ከአንድ ንጣፍ ትንሽ የሚበልጥ ርቀት ከሄደች በኋላም መዝለል ይፈቀድላታል። ቅድም ያሰላነው የ5.4 ፒክስል መዘግየት እዚህ ውስጥ ገብቶ ለእጅ መዋዠቅም ቦታ ይተርፋል። በማረፊያው በኩል ደግሞ ትልቁ የመውደቅ ፍጥነቷ በመደበኛው 160 ስለሆነ፣ 160 በ0.08 ሲባዛ 12.8 ፒክስል፤ መሬቱ አንድ ንጣፍ ተኩል ገደማ ሲቀረው የተጫናችሁት ይቆይላችኋል።

ግን ማድሊን በኮዮቴ ታይም ውስጥ እንደ ካርቱኑ በአየር ላይ ቀጥ ብላ አትሄድም። የመሬት ስበቱ ወዲያው ይጀምራል። የስበቱ ቁጥር 900 ነው (ፒክስል በሰከንድ በሰከንድ)፤ የፊዚክስ ክፍላችሁን አስታውሱ፦ ግማሽ ሲባዛ በ900 ሲባዛ በ0.1 ካሬ፣ 4.5 ፒክስል። ወደ ግማሽ ንጣፍ ትወርዳለች። በዚያች ሰዓት የመውደቅ ፍጥነቷም 900 በ0.1፣ ማለትም 90 ደርሷል።

ይህ 90 ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናቅፍ ድንጋይ ነው። የሴሌስት የዝላይ ፍጥነት ወደ ላይ 105 ነው። አሁን ኮዳችሁ ዝላዩን አሁን ባለው ፍጥነት ላይ የሚደምር ከሆነ፣ 90 ወደ ታች እና 105 ወደ ላይ ተጣፍተው 15 ብቻ ይተርፋል። ገጸ ባሕርያችሁ እንደሚያስነጥስ ሰው ነቅነቅ ብሎ ይወድቃል። ኮዮቴ ታይም ጨምራችሁ «ይሠራል፣ ግን ዝላዩ አንዳንዴ ሽባ ነው» ካላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው። ሴሌስት አይደምርም፤ የድሮውን ፍጥነት ደምስሶ 105ን በቦታው ያስቀምጣል። ተጫዋቹ ግማሽ ንጣፍ ዝቅ ብሎ ቢነሣም ዝላዩ ሙሉ ነው፤ አብዛኛው ሰው ዝቅ ማለቱን እንኳ አያስተውልም።

ሁለተኛው የታወቀ ባግ (በግ አላልኩም) ነፃ ድርብ ዝላይ ነው። ከላይ ባለው ኮድ መጨረሻ `grace = 0` የምትለዋን መስመር ብትረሷት፣ ተጫዋቹ ከዘለለ በኋላ እፎይታው ገና ስላላለቀ በአየር ላይ እንደገና መዝለል ይችላል። ይሄ ግልጽ ነው። ረቀቅ የሚለው መስመሯን ጽፋችሁም የሚከሰተው ነው። ብዙ ሰው መሬት መኖሩን የሚፈትሸው ከእግሩ ሥር ጥቂት ፒክስል ዝቅ የምትል ትንሽ ክብ ወይም ጨረር በማስቀመጥ ነው። ገጸ ባሕርያችሁ በተነሣበት ቀጣይ ፍሬም ክቧ ገና መሬቱን እንደነካች ናት። ኮዱ «አሃ፣ መሬት!» ይልና እፎይታውን እንደገና ይሞላዋል። ሴሌስት ይህን በአጭሩ ይዘጋዋል፤ ማድሊን ወደ ላይ እየሄደች ከሆነ ከእግሯ ሥር ምን እንዳለ ጨርሶ አይጠይቅም፣ «መሬት ላይ አይደለችም» ብሎ ያልፋል። ባጉ በእናንተ ጌም ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ቁልፉን በፍጥነት ሁለቴ መታ መታ አድርጉት። ከአንድ ዝላይ በላይ ከፍ ካለ፣ አለ።

ሦስተኛው የማቆያው ጣጣ ነው፤ እኔ ከሁሉም ይህን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ደግ ሐሳቦች ሲጋጩ ያሳያል። ከማሪዮ ጀምሮ ቁልፉን ረዘም አድርጎ መያዝ ከፍ ያለ ዝላይ ይሰጣል፤ ቶሎ መልቀቅ አጭር። አሁን ተጫዋቹ ከማረፉ 3 ፍሬም ቀድሞ ቁልፉን ተጫነና ከማረፉ 1 ፍሬም ቀድሞ ለቀቀው እንበል። ማቆያው ትእዛዙን ይዟል፤ እግሩ መሬት ሲነካ ዝላዩ ይጀምራል። ነገር ግን በዚያች ፍሬም ቁልፉ አልተያዘም። የከፍታው ሕግ ደግሞ «ቁልፉ ተለቅቋል፣ ዝላዩን አሳጥር» ይላል። ውጤቱ ማንም ያልጠየቀው ድንክ ዝላይ ነው፤ ምናልባትም ፊት ለፊቱ ያለው እሾህ ላይ።

የፒኮ-8ቱ ጌም የዝላይ ከፍታ ሁሌም አንድ ስለሆነ ይህ ችግር አልነበረበትም። በትልቁ ሴሌስት ግን ከፍታው ይለያያል፤ ስለዚህ ማቆያው ጣታችሁን ካነሣችሁ ወዲያው ይሰረዛል። ቶርሰን በ2020 ስለ ጌሙ የይቅርታ ዘዴዎች በጻፉት ማብራሪያም ከማረፋችሁ ጥቂት ቀድማችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ መያዝ እንዳለባችሁ ይናገራሉ። ይህ ምርጫ ነው፤ ሌላ ምርጫም አለ። ለምሳሌ ተጫዋቹ ቁልፉን ስንት ፍሬም ይዞት እንደነበር አስታውሶ ያንኑ ያህል ከፍታ መስጠት ይቻላል። ለእኔ የሴሌስቱ ይሻላል፤ ጣቱን ያነሣ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ማሽኑም ሐሳብ መቀየርን ማክበር አለበት።

«ታዲያ መስኮቱን ለምን ግማሽ ሰከንድ አናደርገውም?» የሚል አይጠፋም። ሞክሩት። ማቆያው ሲረዝም ጌሙ በራሱ ፈቃድ የሚዘል ይመስላል፤ ተጫዋቹ በድንጋጤ የተጫናትን ረስቷታል፣ እግሩ ሲያርፍ ግን ይነሣል። «አልታዘዝ አለ» የነበረው አቤቱታ «ሳላዘው ዘለለ» ይሆናል። እፎይታው ሲረዝም ደግሞ በአየር ላይ መሄዱ በዓይን ይታያል፤ ከዚህም በላይ የገደሎቻችሁ ስፋት ይበላሻል። በ90 ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ 45 ፒክስል ነው፤ ከአምስት ንጣፍ በላይ። የማይዘለል ብላችሁ የቀረጻችሁት ገደል ይዘለላል፣ ቁልፍ ሳይይዝ መግባት የሌለበት ክፍል ውስጥ ተጫዋቹ ይገባል። ስለዚህ ቆጣሪዎቹን መጀመሪያ አስገብታችሁ ገደሎቹን ከዚያ በኋላ መለካት ይሻላል።

አንድ የሚመሳሰል ግን ሌላ በሽታ ልጠቁም። በዩኒቲ የምትሠሩ ከሆነ የፊዚክሱ ሥራ የሚሄድበት `FixedUpdate` በነባሪው በየ0.02 ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። ሥዕሉ ግን 60 ሊሆን ይችላል። ከ60ዎቹ ፍሬሞች 10 ያህሉ የፊዚክስ ተራ አይደርሳቸውም። የቁልፍ መጫንን (`GetButtonDown`) እዚያ ውስጥ ካነበባችሁ በእነዚያ ፍሬሞች የተጫነው አይታይም፤ ሜዳ ላይ ቆማችሁ እንኳ ከስድስት አንዱ ዝላይ ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው ቁልፉን በ`Update` ውስጥ አንብቦ ለማቆያው መስጠት ነው። ማቆያው እስከሚቀጥለው የፊዚክስ ተራ ድረስ ይይዘዋል።

መስኮቱ ስንት ይሁን የሚለውን በግምት ከመወሰን መለካት ይቻላል። ሁለቱንም ቆጣሪዎች ዜሮ አድርጉና ዝላይ ሳይሆን የቀረ መጫን በተከሰተ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፍ፦ መሬቱን ከለቀቀ ስንት ሚሊ ሰከንድ ሆኖታል፣ ወይም ከተጫነ በኋላ ስንት ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ አረፈ። ከዚያ ጌሙን አይታ የማታውቅ እኅታችሁን ወይም የጎረቤት ልጅ ለአስር ደቂቃ አጫውቱ፤ ምንም አትምከሩ። የጠፉትን መጫኖች በቅደም ተከተል ስትደረድሯቸው አብዛኞቹ ዜሮ አጠገብ ተሰብስበው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ርቀው ተበታትነው ታገኛላችሁ። የተሰበሰቡት መዝለል ፈልገው በትንሽ የሳቱ ናቸው፤ የራቁት በአብዛኛው በስሕተት ወይም በድንጋጤ የተጫኑ ናቸው። መስኮታችሁ ክምችቱን አቅፎ እዚያው የሚያበቃ ይሁን። ከዚያ ያችኑ ልጅ እንደገና አስቀምጡና ስንት መስመር እንደተጻፈ ቁጠሩ፤ ልጅቷ ለውጥ መኖሩን ካላስተዋለች፣ መስመሮቹ ግን ካነሱ፣ ቁጥሩን እዚያው ተዉት።